የሻለቃ ቀብር በስንት ሰዓት ነው?

ሰፈርተኛው ሁሉ «ማዕከል» ነው የሚላት። ስሟን የሚያውቅ ካለ ባሏ ነው፤ እሱም በስሟ የሚጠራት ሲቆጣ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት በስልክ ቤት ነው። ድሮ፣ ሰው ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የኦፕሬተር ድምፅ በሚሰማበት ዘመን፣ ገና ልጃገረድ ሳለች ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ማዕከል፣ ማንን ላገናኝዎት?» ማለት ጀመረች፤ ጡረታ እስክትወጣም ድረስ ያንኑ ስትል ኖረች። ጡረታ ከወጣች በኋላም አንዳንዴ የቤቷ ስልክ ሲጮኽ አፏን አዳልጧት «ማዕከል» ትላለች፤ ባሏ ደግሞ ከሶፋው ላይ ሆኖ «እባክሽ ከጤፍ ወፍጮ ቤቱ ጋር አገናኚኝ» እያለ ያሾፍባታል።

ጉልበቷ ታሟል። ደረጃ ሲያጋጥማት እንደ ሕፃን አንድ እግሯን እያስቀደመች ነው የምትወጣው። ምላሷና ጆሮዋ ግን እንደነበሩ ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ቁርሱን አቅርባ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ስልኳ ጢው አለ። የጡረተኛ ኦፕሬተሮች የመልእክት ቡድን ነው። እዚያ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ የአበባ ፎቶና መልካም ምኞት ስለሆነ ችላ ልትለው ነበር። ግን አንዱን ተከትሎ ሌላው፣ ሌላውን ተከትሎ ሌላው ሲጮኽ መነጽሯን ፈልጋ አየችው።

«እናታችን አርፋለች። ቀብሯ ነገ 9:00 በመካነ መቃብሩ ይፈጸማል። ላልሰማ አሰሙ።»

ከሥሩ ያስተላለፈችው የድሮ ባልደረባቸው፣ ስትስቅ የማያባራ ሳቅ ስላላት «ሳቂታ» የሚሏት ሴት፣ ጨምራ ጽፋለች። «ሻለቃችን ናት። ወይኔ ጉዴ!»

ማዕከል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ሻለቃ» የሚሏት አለቃቸው ነበረች። እጇን ወደኋላ አጣምራ ከወንበሮቻቸው ጀርባ ትመላለሳለች፤ አንዷ ኦፕሬተር ደንበኛ ላይ ድምፅዋን ከፍ ካደረገች ትከሻዋን በአንድ ጣት ነካ ታደርጋታለች፤ ያቺ ጣት ከጥፊ ትከብድ ነበር። ግን የማዕከል ትንሿ ልጅ በኩፍኝ ተይዛ የታመመች ጊዜ ያቺው ሻለቃ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ አውልቃ «ሂጂ ቤትሽ፤ ወንበሩን እኔ አሞቅልሻለሁ» ብላ ሳምንት ሙሉ በእሷ ፈንታ ሠርታላታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ባሏ።

«ሻለቃ ሞተች።»

የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «ነፍሷን ይማር። ቀብሩ መቼ ነው?»

ማዕከል መልእክቱን እንደገና አነበበችው። እንደገናም አነበበችው። ሐዘኑ ገና ሳይበርድላት ሌላ ጭንቀት መጣባት። «መቼ እንደሆነ እኮ አልተናገረም» አለች።

«ነገ ይላል እኮ!»

«ነገ ማለት መቼ ነው? ዛሬ ከተጻፈ ሐሙስ ነው። ትናንት ተጽፎ ሲንከባለል የደረሰን ከሆነ ግን ዛሬ ነው። ዘጠኝስ የቱ ዘጠኝ ነው? መካነ መቃብሩስ የቱ?»

ከተማው ሁለት መካነ መቃብር አለው። አሮጌው ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ሁለት አውቶቡስ ያስቀይራል። አንዱ ጋ ሄዶ የተሳሳተ ሰው ሌላው ጋ በጊዜ አይደርስም።

በቡድኑ ውስጥ ጉዱ ፈልቷል። አንዷ «ጠዋት ነው መሰለኝ» ትላለች። ሌላዋ «አዲሱ ጋ ነው፣ አሮጌውማ ሞልቷል» ትላለች። ሌላዋ የሚያለቅስ ምስል ብቻ ትልካለች። ማዕከልን ግን ከሁሉ ያስጨነቀቻት «ቀጭኗ» የሚሏት ናት። ቀጭኗ የሻለቃ የልብ ወዳጅ ናት፤ ከጡረታ በኋላ ከልጇ ጋር ለመኖር ሩቅ ከተማ ገብታለች። እሷም ቡድኑ ውስጥ አንድ መስመር ጽፋለች። «ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ለዘጠኙ ይበቃኛል።»

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ይበቃታል። ጠዋት ከሆነ ግን የምትደርሰው ሻለቃ አፈር ከለበሰች በኋላ ነው።

«እኔ አጣራዋለሁ» ብላ ጻፈች ማዕከል። «እስካጣራ ማንም ምንም እንዳያስተላልፍ።»

መጀመሪያ የደወለችው ወደ ሻለቃ ስልክ ነው። ዝግ ነው። ሻለቃ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልጇ ጋ ነበር የምትኖረው፤ የልጇን ቁጥር ደግሞ ከኦፕሬተሮቹ አንዳቸውም አያውቁትም። ስለዚህ ማዕከል ድሮ የጠፋ ጥሪ ስትከታተል እንደምታደርገው ወደኋላ መሄድ ጀመረች። ሳቂታ ጋ ደወለች።

«ማነው የላከልሽ?»

«ፋርማሲስቷ ናት» አለች ሳቂታ እየተነፋረቀች። «ሻለቃ መድኃኒት የምትገዛባት፤ እኔም እዚያው ነው የምገዛው።»

«ቁጥሯን ስጪኝ፤ ካለቀስሽ በኋላ ሳይሆን አሁን።»

ፋርማሲስቷ ጨዋ ሴት ናት። መልእክቱን የላከችላት የሟች ልጅ ጎረቤት እንደሆነች፣ የደረሳትም ዛሬ ሱቁን ስትከፍት እንደሆነ ነገረቻት።

«መቼ ነው ያረፈችው አለችሽ?»

«ሌሊቱን ነው አለችኝ፤ ለዛሬ አጥቢያ።»

ስለዚህ ነገ ማለት ሐሙስ ነው። አንዱ ተፈታ። ማዕከል በእጇ ጠረጴዛውን መታ አደረገች። «የኔ እናት፣ አንድ ውለታ ዋይልኝ። በጎረቤቷ በኩል የቤተሰቡን ቁጥር ፈልጊልኝ። የልጅቷን ግን አይሁን፤ እሷ ዛሬ ስለ ሰዓት የምትጠየቅ አይደለችም። ሌላ ሰው።»

«እሺ፣ አገኝና እደውልልዎታለሁ።»

ባሏ ሰሃኖቹን እያነሳ «ሌላ ሰው ያጣራ ነበር እኮ» አላት። «አንቺ ሐዘንሽን አትቀመጪም?»

«ሐዘኔን ስጨርስ ቀብሩ ያልፋል» አለችው።

ቁጭ ብላ ከመጠበቅ ብላ ወደ አዲሱ መካነ መቃብር ቢሮ ደወለች። ጸሐፊው ድምፁ የተሰላቸ ሰው ነው። «ሙሉ ስም?» አላት።

ማዕከል ሻለቃን ያወቀቻት ሙሉ ዕድሜዋን ነው፤ በሠርግ በሐዘን አብረው ቆመዋል፤ ግን ያቺ ሴት በእናትና አባቷ ቤት ማን ተብላ እንደተጠራች ድንገት ከአእምሮዋ ድራሹ ጠፋ። ሁልጊዜ ሻለቃ ነበረች። «ሻለቃ ነው የምንላት» አለች በሹክሹክታ።

«ወታደር ናት?»

«አይ፣ ቆየኝ። መልሼ እደውላለሁ።»

ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ትዝ አላት፤ የድሮው የደሞዝ ክፍል ሠራተኛ። አሁን ጆሮው ደክሟል፤ ደግነቱ ማዕከል ለማይሰማ ጆሮ መናገር ትችልበታለች።

«ሻለቃ የሚባል ሠራተኛ አልነበረንም» አለ ሽማግሌው ቆፍጠን ብሎ።

«የኦፕሬተሮቹ አለቃ! እጇን አጣምራ የምትሄደው!»

«እሷማ ታዲያ ለምን በስሟ አትጠሪያትም?» ብሎ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ሳያቋርጥ ተናገረ። ማዕከል ስሙን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ። እንዴት ያለ የሚያምር ስም ነበራት! ለራሷ ጮክ ብላ አንድ ጊዜ አለችውና ወደ መካነ መቃብሩ ቢሮ መልሳ ደወለች።

ጸሐፊው ወረቀት ሲገልጥ ተሰማት። «አለች። ነገ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት።»

ዘጠኝ ሰዓት! ልቧ ዕረፍት አገኘ። ሁሉም ገጠመ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስሙ። ቀጭኗም ትደርሳለች። ባሏ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ «ተገኘ?» ሲላት ራሷን ነቀነቀችለት። ስልኩን ልትዘጋው ስትል ግን ሻለቃ ከጀርባዋ የቆመች መሰላት። በሥራ ላይ ሳሉ አንድ ነገር አጥብቃ ታስተምራቸው ነበር፤ ደንበኛው የሰጠሽን ቁጥር መልሰሽ ሳትነግሪው መስመር አታገናኚ።

«ወንድሜ፣ አታስቸግሪኝ አትበለኝና፣ ስሙን እስከ አያት መልሰህ አንብብልኝ።»

አነበበላት። ስሟና የአባቷ ስም ያው ነው። የአያቷ ስም ግን ሌላ ነው።

«ዕድሜዋ ተጽፏል?»

«ሠላሳ ሁለት።»

ማዕከል ዓይኗን ጨፈነች። ነገ በዚያው ስም፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ የምትቀበር ሌላ ሴት አለች፤ ገና ወጣት። «የኔዋ አይደለችም» አለች። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ከበዳትና «ነፍሷን ይማር፣ ልጅ ናት» አለች። ጸሐፊውም ድምፁ ለዘብ ብሎ «አዎ እናቴ፣ ልጅ ናት» አለ።

አሮጌው መካነ መቃብር ስልክ የለውም። የጥበቃ ቤትና አንድ የዛገ በር ብቻ ነው ያለው። ማዕከል ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን ማጥለቅ ስትጀምር ባሏ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አያት።

«በዚያ ጉልበት?»

«ታዲያ በማን ጉልበት ልሂድ? ያንተን ታውሰኛለህ?»

ሳቀና ኮቱን አነሳ። «በይ ታክሲ ላቁምልሽ። እኔ ደግሞ ቤት ሆኜ ስልክ እጠብቃለሁ፤ የቤቱን ቁጥር የሰጠሽው ካለ።»

እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ስትወርድ የመጋዙ ጩኸትና የመጋዝ ብናኙ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዳገት ነው። አንዱን እግሯን እያስቀደመች፣ ሌላውን እየጎተተች፣ ሁለት ጊዜ አጥር ተደግፋ እያረፈች ወጣች። ዘበኛው ከጥበቃ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሲያያት ተነስቶ በርጩማውን ለቀቀላት።

«ነገ እዚህ ቀብር አለ?» አለችው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አንድ አለ። ቆፋሪዎቹ ታች እየሠሩ ነው።»

«የማን?»

«ስሙን ለእኔ አልነገሩኝም። አንድ ጎልማሳ ሰው ነው ጠዋት መጥቶ ቦታውን ያሳያቸው። ነገ ለሦስት ሰዓት ይድረስ ነው ያለው።»

«የጠዋቱ ሦስት ሰዓት?»

«ታዲያስ፤ በጨለማ ማን ይቀብራል?»

ማዕከል ተነሳች። «ቦታውን አሳየኝ።»

ዘበኛው ክንዷን ይዞ በድንጋዮቹ መካከል ወሰዳት። ሁለት ሰዎች ወገባቸው ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አካፋ ያነሳሉ። ጉድጓዱ የተከፈተው ከአንድ አሮጌ መቃብር ጎን ነው። ጎንበስ ብላ የአሮጌውን ድንጋይ ጽሑፍ አነበበች። የሻለቃ ባል ነው። የዛሬ ስንት ዓመት በቀብሩ ላይ እዚሁ ቆማለች፤ ዝናብ ነበር፤ ሻለቃ ያኔም ቀጥ ብላ እንደ ወታደር ነበር የቆመችው። ማዕከል እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አቆሙላት።

ስልኳ ሲጮኽ አፍንጫዋን ጠርጋ አነሳችው። ፋርማሲስቷ ናት፤ ቁጥር አግኝታለች። የሟች ልጅ ባል ቁጥር ነው፤ መልእክቱን የጻፈውም እሱ ራሱ ነው።

ማዕከል እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ደወለች። ቦታው ተገኝቷል፤ ሰዓቱም የተገኘ ይመስላል፤ ግን ቆፋሪ የሚያውቀው ጉድጓዱ መቼ እንደሚፈለግ ነው፤ ቀብሩን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። አማቹ ሲያነሳ ድምፁ እንቅልፍ ያላየ ሰው ድምፅ ነበር።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የእናታችሁ የሥራ ባልደረባ ነኝ። ብዙ አልይዝህም። ቀብሩ ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በዘጠኝ ሰዓት ነው እናቴ። ጽፌዋለሁ እኮ።»

«የት?»

«አሮጌው ጋ፣ ከአባታችን ጎን።»

«አሁን እዚያው ነኝ። ቆፋሪዎቹ ለሦስት ሰዓት ተብለናል ይላሉ።»

«ልክ ናቸው። ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት።»

ማዕከል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ድሮ የተደናገጠ ደንበኛን እንደምታነጋግረው። «ልጄ፣ ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር አለ?»

«ወይኔ!» አለ ሰውየው። የሚሠራው የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስልኩም የተሞላው እንደዚያው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ፣ ያየውን ቁጥር እንዳለ ጽፎ ላከው። «ለስንት ሰው ላክሁት! አሁን ምን ይሻለኛል? ሰው ሁሉ ከቀብር በኋላ ሊመጣ ነው!»

«ወደ ከሰዓት ማዘዋወር ይቻላል?»

«አይቻልም፤ መኪናውም የተያዘው ለጠዋት ነው፤ ባለቤቴም አትችልም፤ እስከዚያ ቆማ አትቆይልኝም።»

«እንግዲያው ሰዎቹን እናዘዋውራለን» አለች ማዕከል። «ብዕር ያዝ።»

እሷ እያለች እሱ ጻፈ። የሟች ሙሉ ስም፤ ቅጽል ስሟም በቅንፍ፤ «ነገ» ሳይሆን ሐሙስ ከነቀኑ፤ በቁጥር ሳይሆን በፊደል «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት»፤ «አሮጌው መካነ መቃብር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ»፤ መጨረሻ ላይ የእሱ ስልክ ቁጥር። አናቱ ላይ ደግሞ «ቀደም ሲል የተላከው ሰዓት ስሕተት ነበር» የሚል። መልሶ አነበበላት። አንድ ጊዜ አረመችውና «አሁን ላከው» አለችው። «ከላክህ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል እንኳ ጋደም በል። ስልክ ያልያዘውን እኛ እንደርስለታለን።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«የስልክ ቤት ሰዎች ነን» አለችው።

ወደ ቤት በታክሲ እየተመለሰች ሳለች ሥራውን አከፋፈለች። ሳቂታ በሰሜን በኩል ላሉት፣ ሌሎቹ በየሰፈራቸው፤ መልእክት መላክ ብቻ አይበቃም፤ ተደውሎ፣ ሰዓቱ ተነግሮ፣ ሰሚውም መልሶ እንዲናገር ይደረግ። ቀጭኗን ለራሷ አስቀረቻት። ደወለች፣ አይነሳም። ደወለች፣ አይነሳም። ከቀጭኗ ከተማ የዛሬው የመጨረሻ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፤ ካመለጣት አለቀ። ማዕከል እጅ ሳትሰጥ የቀጭኗን ልጅ መሥሪያ ቤት ፈልጋ ደወለች፤ ልጇ ደግሞ ለጎረቤት ደወለች፤ ጎረቤት በር አንኳኳች። በመጨረሻ የቀጭኗ ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«ጓሮ ሆኜ ነው፤ ለነገ ጥቁር ቀሚሴን እያጠብኩ።»

«ነገ ሳይሆን አሁን ነው የምትነሺው። ቀብሩ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው።»

«ቀሚሴ እኮ ውኃ ውስጥ ነው!»

«ከነውኃው ይዘሽው ነይ! መልሰሽ ንገሪኝ፤ በስንት ሰዓት?»

«ጠዋት በሦስት» አለች ቀጭኗ። «መጣሁ።»

ሲመሽ ቀጭኗ በማዕከል በር ላይ ቆመች፤ በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የሚንጠባጠብ ፌስታል። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ተላቀሱ። የማዕከል ባል ፌስታሉን ከእጇ ተቀብሎ ገባ። የካውያው ትንፋሽ ከጓዳ ትሽ ትሽ እያለ ሲሰማ ማዕከል ሄዳ አየችው፤ ሚስቱ እያለች ካውያ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ የቀሚሱን እጅጌ እያደረቀ ነው።

«እንዳታቃጥለው።»

«ዞር በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አላት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አሮጌው መካነ መቃብር በሰው ተሞላ። ኦፕሬተሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጥተዋል። ስሟ ሙሉውን ሲነበብ ብዙዎቹ እንደ አዲስ ነገር ቀና ብለው ተያዩ። የሻለቃ ልጅ እጇን ወደኋላ አጣምራ፣ እንደ እናቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀጭኗ ከጎኗ ነበረች። አማቹ ማዕከልን በድምፅዋ ፈልጎ አገኛትና ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል «ተው፣ ያመኛል» ብላ አነሳችው።

ሰው ሁሉ ተበተነ። ማዕከል ምሳዋን ቀማምሳ ጥቂት ጋደም አለችና ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ተነሳች።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አላት ባሏ።

«እርማቱ ያልደረሰው ሰው አይጠፋም። መጥቶ የተዘጋ በር ማየት የለበትም።»

ባሏ በዚህ ጊዜ ሊከራከራት አልሞከረም፤ ኮቱን ለብሶ አብሯት ወጣ። ዘበኛው በርጩማውንና አንድ የእንጨት ሣጥን አውጥቶላቸው ከበሩ ሥር ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሴቶች መጡ፤ የድሮ ጎረቤቶች ናቸው፤ ማዕከል ተነስታ አስረድታ መቃብሩ ጋ አደረሰቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ዳገቱን ሲወጣ ታየ። ሱፉ ተተኩሷል፤ ጫማው ተወልውሏል። ቀረብ ሲል አወቀችው፤ ለስልክ ቤቱ ምሰሶ ላይ እየወጣ ሽቦ ይዘረጋ የነበረ ሰው ነው።

ግራ ቀኝ አየ። «ሰው የለም እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት ተብዬ ነው» አለ።

«ጠዋት ነበር፤ በመልእክቱ ላይ ስሕተት ተፈጥሮ ነው» አለችው። «ለሁሉም ልንደርስ ሞከርን፤ አንተን አላገኘንህም።»

የሽማግሌው ፊት ቅጭም አለ። «ሞባይል የለኝም። የልጄ ጓደኛ ነው የነገረኝ።» ቀጥሎም «እሷን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ በይኛ» አለ። «ምሰሶ ላይ ሳለሁ መብረቅ ሲመጣ ቀድማ የምታስወርደኝ እሷ ነበረች። ቢሮዋ ሆና በመስመሩ ‹ውረድ!› ትለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አትልም።»

ማዕከል ክንዷን ሰጠችው። «ና፣ ጋሼ። መቃብሩ ገና ሣር አልበቀለበትም፤ አፈሩ እርጥብ ነው። አንተም ታለብሳታለህ።»

ሁለቱ ተደጋግፈው፣ እሱ በከዘራው እሷ በደህናው እግሯ፣ በድንጋዮቹ መካከል ቀስ እያሉ ሄዱ። ሽማግሌው መቃብሩ ጋ ሲደርስ ከዘራውን ለማዕከል ሰጥቶ በብዙ መከራ ተንበረከከ፤ ከጎን የተረፈውን አፈር በሁለት እጁ አፍሶ አለበሳት። ማዕከል ባሏን ጠርታ አብረው እስኪያነሱት ድረስ እዚያው እንደተንበረከከ ቆየ።